«ስንት ነው?» ከመባሉ በፊት፦ የቤት ኬክ ሠሪ የመጀመሪያ የኢንስታግራም ጽሑፍ

አዲስ አበባ ውስጥ በቤታቸው ኬክ እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎችን የኢንስታግራም ገጽ የተመለከተ ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ፎቶው ላይ ሁለት ደርብ ያለው ያማረ ኬክ ይታያል። ከሥሩ «በፍቅርና በጥራት የተሠራ ልዩ ኬክ ለልዩ ቀንዎ። ለማዘዝ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል፤ ልቦችና ሻማዎች ይከተሉታል። ከዚያ በታች ተመልካቾች ይጠይቃሉ፦ «ስንት ነው?»፣ «የጾም አላችሁ?»፣ «የት ናችሁ?»፣ «ለቅዳሜ ይደርሳል?» ለሁሉም የሚሰጠው መልስ «ኢንቦክስ አድርገናል» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የበዙት ሰዉ ስለማያነብ አይደለም። የሚነበብ ነገር ስላልተጻፈለት ነው።

ካፕሽን የምንለው ያንን ከፎቶው ሥር የሚሰፍረውን ጽሑፍ ነው። ሥራውን ገና የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ከኬኩ ይልቅ እዚህ ላይ ይቸገራል። ዱቄቱን መዝኖ፣ ስፖንጁን ጋግሮ፣ ክሬሙን አለስልሶ፣ ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንስቶ ሲያበቃ ባዶው ሳጥን ፊት ደርሶ እጁ ይታሰራል። ጨንቆት ከሌላ ገጽ ያየውን ይገለብጣል። የገለበጠው ሰውም ከሌላ የገለበጠ ስለሆነ ሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል።

እንግዲህ አንድ ጉዳይ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ሰሚት አካባቢ በቤቷ ኬክ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች እንበል። እስካሁን ደንበኞቿ ጎረቤቶቿና የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩ። አሁን ለአንድ ዓመት ሕፃን ልደት ባለ 2 ኪሎ የቸኮሌት ኬክ ሠርታለች፤ ላዩ ላይ ከፎንዳንት የተሠራ ትንሽ አንበሳ ተቀምጧል። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። ይህ በገጿ ላይ የምታወጣው የመጀመሪያ ፎቶ ነው። ስልኳ ላይ የጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅም ይህን ይመስላል፦

«እንኳን ወደ ገጻችን በደህና መጣችሁ! በፍቅርና በጥራት የተሠራ ልዩ ኬክ ለልዩ ቀንዎ። ለማንኛውም ዝግጅት የሚሆኑ ኬኮችን በፈለጉት ዲዛይን እንሠራለን። ጥራት መለያችን ነው። ቶሎ ይዘዙን!»

ይህን ጽሑፍ ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ከጽሑፉ ላይ «ኬክ» የሚለውን አውጥታችሁ «ሶፋ» ወይም «መጋረጃ» ብትተኩበት አንድም ነገር አይበላሽም። በፍቅርና በጥራት የተሠራ ልዩ ሶፋ ለልዩ ቀንዎ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለዚህ ኬክ ምንም አልተናገረም ማለት ነው። «ጥራት መለያችን ነው» የሚለውን ደግሞ ጥራት የሌለው ሠሪም ስለሚጽፈው አንባቢው ካየው ቆይቷል፤ ዓይኑ ዘልሎት ያልፋል። እኔ ብሆን «ልዩ» የሚለውን ቃል ለአንድ ዓመት ያህል ከኬክ ገጾች ሁሉ ላይ አግድ ነበር።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ጽሑፉን ከጭንቅላት ከመፍጠር ይልቅ ከደንበኛ አፍ መልቀም ይሻላል። ሰሚት ያለችው ሴት በስልክ ወይም በቴሌግራም ያዘዟትን ሰዎች ታስታውስ። መጀመሪያ የጠየቋት ምን ነበር? ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ እንኳ አይለወጥም፦ ስንት ነው፣ ለስንት ሰው ይበቃል፣ የጾም ነው የፍስክ፣ ለመቼ ይደርሳል፣ የት ነው የምወስደው ወይስ ታደርሱልኛላችሁ። ፎቶው ቀለሙንና ቅርጹን ያሳያል፤ ከእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ግን አንዱንም አይመልስም። ውስጡ ቸኮሌት ይሁን ቫኒላ እንኳ ካልተቆረጠ አይታይም። የካፕሽኑ ሥራ ይኸው ነው፤ ፎቶው ሊናገር ያልቻለውን ደንበኛው ሳይጠይቅ መናገር።

እዚህ ላይ ስለ ኢንስታግራም ራሱ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ካፕሽን የሚፈቀደው እስከ 2,200 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ አብሮ ይቆጠራል። ቦታው ሰፊ ነው። ነገር ግን ሰው ገጹን ወደ ላይ እየገፋ ሲያልፍ የሚታየው ከዚያ ውስጥ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ እንደ ስልኩ ስፋት ሁለት መስመር ያህል፣ በግምት 125 ፊደል ገደማ። የቀረው more ከሚለው ቃል ጀርባ ይደበቃል። አብዛኛው ሰው ያንን ቃል ሳይጫን ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ብቻውን ቢነበብ እንኳ ሥራውን ሠርቶ መገኘት አለበት።

በዚህ ዓይን የሴትዮዋን ረቂቅ መልሰን ብናየው ችግሩ ይገለጣል። «እንኳን ወደ ገጻችን በደህና መጣችሁ» የሚለው ሰላምታ የሚታየውን ቦታ አንድ አምስተኛ ያህል በልቶታል። በዚያ ላይ ሰውየው ወደ ገጿ አልመጣም፤ በራሱ ስልክ እያለፈ ሳለ ፎቶው ፊቱ ላይ የወደቀበት መንገደኛ ነው። የቤቱን ስም በመጀመሪያው ቃል ላይ ማስቀመጥም ያው ኪሳራ ነው፤ የገጹ ስም ከካፕሽኑ መጀመሪያ ላይ በደማቅ ቀለም ራሱ ይታተማልና ሁለት ጊዜ ይነበባል።

በሁለተኛው ሙከራዋ እንዲህ ጻፈች፦

«ለአንድ ዓመት ልደት የሠራነው ባለ 2 ኪሎ የቸኮሌት ኬክ፣ ለ20 ሰው የሚበቃ። ዋጋው 3,000 ብር፤ ሰሚት፣ አዲስ አበባ።»

ፊደሉ፣ ነጥቡና ክፍት ቦታው ተደምሮ 80 አይሞላም፤ ስለዚህ ምንም ሳይቆረጥ ይታያል። በውስጡ ግን ለምን ዝግጅት እንደሆነ፣ መጠኑ፣ ጣዕሙ፣ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ ዋጋውና ቦታው ገብቷል። አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳል፤ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ በአጭር ቦታ ብዙ ይጫናል። (ዋጋው ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ ነው፤ የዱቄትና የቅቤ ገበያ በየወሩ በሚለዋወጥበት ሰዓት የእርስዎን ሒሳብ ሊተካ አይችልም።)

ዋጋውን በአደባባይ መጻፍ የሚያከራክር ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። «በውስጥ መስመር» የሚሉት ሠሪዎች ምክንያት አላቸው። ተወዳዳሪ አይቶ ዝቅ ያደርግብኛል ይላሉ። በትዕዛዝ የሚሠራ ኬክ አንዱ ካንዱ ስለሚለያይ ቁጥሩ ያሳስታል ይላሉ። ደንበኛው ቢያንስ ቢያናግረኝ ላሳምነው እችላለሁ የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ብዙም አያስኬድም፤ ተወዳዳሪ ዋጋ ማወቅ ከፈለገ ደንበኛ መስሎ መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን እውነት አለው፤ መፍትሔውም ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን ዋጋውን ከፎቶው ላይ ካለው ከዚህ ኬክ ጋር ማሰር ነው። «ኬክ ከ1,000 ብር ጀምሮ» ያለ ሰው ባለ 2 ኪሎውን ከአንበሳው ጋር በ1,000 ብር የሚጠብቅ ደንበኛ ይመጣበታል። «ይህ ኬክ፣ በዚህ መጠን፣ ከነአንበሳው 3,000 ብር» ያለ ግን የሚያከራክረው ነገር የለም። ሌላ ዲዛይን የፈለገ ከዚያ ተነሥቶ ይገምታል።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ በሠሪዋ ላይ የሚፈርድ ነው። ዋጋ ለመጠየቅ መልእክት የሚልከው ሰው ብዛት የሚያስደስተው መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ረዳት የለውም፤ እጁ ክሬም ላይ ሳለ ስልኩ ይንጫጫል። ከጠያቂዎቹ መካከል ዋጋውን ሲሰማ «እሺ አመሰግናለሁ» ብሎ የሚሄደው ዋጋው ከመጀመሪያው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ባልመጣ ነበር። ዋጋውን አይቶ የመጣ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ውሳኔ ቤቱ ሆኖ ወስኗል፤ የሚጠይቀው ቀን ነው። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ካፕሽን ላይ ዋጋ ያልጻፈ ሠሪ ለራሱ የስልክ ኦፕሬተርነት ሥራ ቀጥሯል።

ኪሎው ላይም ጥቂት እንቆይ። አዲስ አበባ ውስጥ የልደት ኬክ በኪሎ ነው የሚታዘዘው፤ ገዢው ግን ኪሎ በዓይኑ አይታየውም። «2 ኪሎ» ሲባል ትንሽ ይሁን ትልቅ ስለማያውቅ ወይ ያንስብኛል ብሎ ይፈራል፣ ወይ አብዝቶ አዝዞ ይተርፈዋል። ስለዚህ ኪሎውን ወደ ሰው ቁጥር መመንዘር ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው 100 ግራም ያህል ቁራሽ ከታሰበ 2 ኪሎ ለ20 ሰው ይደርሳል። ምግብ ተበልቶ ከቡና ጋር የሚቀርብ ከሆነ ከዚያም ባነሰ ቁራሽ ይበቃል፤ ኬኩ ብቻውን የሚቀርብበት ግብዣ ከሆነ ግን ያጥራል። ክብደቱ ክሬሙንና ማስጌጫውን እንደሚጨምር በግልጽ መናገርም ከጭቅጭቅ ያድናል፤ ቤቱ ወስዶ በሚዛን የሚያስቀምጥ ደንበኛ አለ። ከሥሩ ያለው ካርቶን ግን አይቆጠርም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ የጾምና የፍስክ ጉዳይ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በየረቡዑና በየዓርቡ ልደትና ምርቃት አይቆምም። ሕፃኑ ራሱ አይጾም ይሆናል፤ አያቱ፣ አክስቶቹና የእናቱ ጓደኞች ግን ይጾማሉ። ኬኩን ቆርሰው ሳይቀምሱ የሚሄዱ እንግዶች እንዳይኖሩ ቤተሰቡ አንዳንዴ ሁለት ኬክ ያዝዛል። ስለዚህ «የጾምም እንሠራለን» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትዕዛዝ ያመጣል። በዚያው ልክ ግን ያለ ጥንቃቄ የተጻፈ «የጾም» የሚል ቃል የሰውን ጾም ያስፈታል።

ቤት ውስጥ የሚጀምሩ ሠሪዎች የጾሙን ስፖንጅ በትክክል ይሠሩታል፦ ቅቤው በዘይት ይተካል፣ እንቁላሉ ይቀራል፣ ኮምጣጤና ሶዳ ሲገናኙ የሚፈጥሩት አየር ሊጡን ያነሣዋል። ስሕተቱ ያለው ክሬሙ ላይ ነው። በዱቄት ወይም በካርቶን የሚሸጡ የሚመቱ ክሬሞች አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ወተት እንደሌለባቸው ተጽፎባቸው፣ ጀርባቸው ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ ግን ሶዲየም ኬዚኔት ይገኛል። ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ፎንዳንቱም ጄላቲን ሊኖርበት ይችላል፤ ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ስለሆነ ለጾመኛው አይሆንም። ለሙስሊም ደንበኛ ደግሞ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ካልታወቀ ያስቸግራል። ቫኒላውም ጠርሙሱ ላይ ኤክስትራክት የሚል ከሆነ በአልኮል የተዘጋጀ ነው፤ «አልኮል አንጨምርም» ብሎ ከመጻፍ በፊት እሱንም ማየት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለጸሐፊው ቀላል ነው። «ለሁሉም የሚስማማ» ብሎ አይጻፍም። ውስጡ ያለው ይጻፋል፦ «ይህ ኬክ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አለው።» አንባቢው የራሱን ሕግ ከእርስዎ በላይ ያውቀዋል፤ የሚፈልገው ዝርዝሩን ነው። ኦቾሎኒ ወይም ሌላ ፍሬ የገባ እንደሆነ በስሙ ይጠራ። ይህ ከሃይማኖት ውጭ ነው፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ያለበት ቤት የሚፈልገው ይህችን አንዲት ቃል ነው።

ቀጥሎ የጊዜ ነገር ይመጣል። «ቶሎ ይዘዙን» የሚለው ጥሪ ከስንት ቀን በፊት ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንዳንዱ ለነገ ይደውላል። የሰሚቷ ሴት አንበሳውን የሠራችው ከልደቱ ሦስት ቀን ቀድማ ነው፤ ከፎንዳንት የሚሠራ ምስል ደርቆ ራሱን ችሎ እስኪቆም ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳይደርቅ ኬክ ላይ ከተቀመጠ ያዘነብላል። ስፖንጁም ከምድጃ እንደወጣ ክሬም አይቀባም፤ ትኩስ ሆኖ ከተቀባ ክሬሙ ይቀልጣል። መብራት የሚጠፋበት ቀን መኖሩንም ታውቃለችና አንድ ቀን ትርፍ ትይዛለች። በድምሩ አራት ቀን ይወጣዋል። ስለዚህ «ከ4 ቀን በፊት ይዘዙ» ብላ ጻፈች። ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልጋትም፤ ቁጥሩ ይበቃል።

ቀንና ሰዓት ሲጻፉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ የአዲስ አበባ ኬክ የሚታዘዘው ከውጭ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች ልጅ ለእናቷ ልደት ከስልኳ ታዝዛለች። እሷ የምትቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «ለ10» ካለች የጥር 10 ነው ወይስ የጃንዋሪ 10? መካከላቸው የስምንት ቀን ያህል ልዩነት አለ፤ ኬኩ ከልደቱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «በ8 ሰዓት» ለእኛ ከቀትር በኋላ ነው፤ ለእሷ ወይ ማለዳ ወይ ማታ። ስለዚህ በካፕሽንም ሆነ ትዕዛዝ ሲቀበሉ የሳምንቱን ቀን ከቁጥሩ ጋር ማሰር ደኅና ልማድ ነው፦ «ቅዳሜ፣ ጥር 10፣ ከቀኑ 8 ሰዓት»። ቅዳሜ በሁለቱም አቆጣጠር ቅዳሜ ነው።

አዛዡ ምን መላክ እንዳለበት መንገርም የካፕሽኑ ድርሻ ነው። «ያናግሩን» ከተባለ «ሰላም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ «ሰላም» ተብሎ ይመለሳል፤ «ኬክ ፈልጌ ነበር» ይላል፤ ግማሽ ቀን ያልቃል። «ቀኑን፣ የእንግዳውን ብዛትና ኬኩ ላይ የሚጻፈውን ስም ይላኩልን» ከተባለ ግን የመጀመሪያው መልእክት ራሱ ትዕዛዝ ይሆናል። ስሙ የግድ በጽሑፍ ይምጣ፤ በቃል አይቀበሉት። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ ከሆነ ቤተልሔም የሚለውን ብቻ አራት ሰው በአራት መንገድ ይጽፈዋል፤ በክሬም ከተጻፈ በኋላ ማረም ደግሞ እንደ ወረቀት አይደለም። ቀብድ የሚጠይቁ ከሆነም አሁን ይበሉት። ግማሽ ቀብድ ሲከፈል ብቻ ትዕዛዙ እንደሚያዝ አስቀድሞ ያነበበ ሰው በኋላ ሲጠየቅ አይከፋውም።

አድራሻ ላይ ቁጥብ መሆን ይሻላል። የሰፈሩ ስም ይበቃል። የቤት ቁጥርን፣ የግቢውን በር ቀለም፣ ከየትኛው ሱቅ አጠገብ እንደሆነ በአደባባይ መጻፍ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ለምትሠራ ሴት አይመከርም፤ ያ ቀብድ ለከፈለው ሰው በግል የሚላክ ነው። ሊንክን በተመለከተ ደግሞ ካፕሽን ውስጥ የተጻፈ አድራሻ ቢጫኑት አይከፈትም። የቴሌግራም ሊንክዎን ማስቀመጥ ያለብዎ ከገጹ አናት ባለው የመግለጫ ቦታ፣ ባዮ በሚባለው ላይ ነው።

የሰሚቷ ሴት የመጨረሻ ጽሑፍ እንግዲህ ይህን መሰለ፦

«ለአንድ ዓመት ልደት የሠራነው ባለ 2 ኪሎ የቸኮሌት ኬክ፣ ለ20 ሰው የሚበቃ። ዋጋው 3,000 ብር፤ ሰሚት፣ አዲስ አበባ።

ውስጡ የቸኮሌት ስፖንጅ፣ መሃሉና ላዩ በተር ክሪም ነው። አንበሳው ከፎንዳንት በእጅ የተሠራ ነው፤ ይበላል (ልጆቹ ከፈቀዱ)።

ይህ ኬክ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አለው። ኦቾሎኒ የለውም። የጾም ኬክም በትዕዛዝ እንሠራለን።

ለማዘዝ ከ4 ቀን በፊት ቀኑን፣ የእንግዳውን ብዛትና ኬኩ ላይ የሚጻፈውን ስም ይላኩልን። ግማሽ ቀብድ ሲከፈል ትዕዛዙ ይያዛል። ከሰሚት መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ የማድረሻ ዋጋ ለብቻው ነው።

ስልክና ቴሌግራም፦ 09…

#የልደትኬክ #የጾምኬክ #የፆምኬክ #addisababa»

በየአንቀጹ መካከል አንድ ባዶ መስመር መተዉ በከንቱ አይደለም፤ በትንሽ ስክሪን ላይ የተጠቀጠቀ ጽሑፍ ማንም አያነበውም። «ልጆቹ ከፈቀዱ» የምትለው ቀልድም የእሷ ናት፤ አንድ ቦታ ላይ የሰው ድምፅ ቢሰማ ጥሩ ነው፣ በየመስመሩ ከሆነ ግን ዋጋውንና ቀኑን ይሸፍናል። «ይላኩልን»፣ «ይንገሩን» የሚለው አክብሮት ለማያውቁት ደንበኛ ይስማማል፤ ከመሃል ወደ «ላኪልን» እንዳይንሸራተት አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይጠቅማል።

ሃሽታጎቹ ላይ «የጾም» በሁለት ዓይነት ጸ የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው። ለእኛ ጆሮ ያው ነው፤ ለስልኩ ግን ጾም እና ፆም ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው፣ አንዱን የፈለገ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። በሃሽታግ ውስጥ ክፍት ቦታ ከገባ ከዚያ በኋላ ያለው ይቆረጣል፤ «#የልደት ኬክ» ብለው ከጻፉ የተመዘገበው «#የልደት» ብቻ ነው። ሦስት አራት የሚመለከትዎ ሃሽታግ ይበቃል። የእንግሊዝኛ ሃሽታግ መደርደር ኬኩን ሊገዛ ለማይችል የብራዚል ተመልካች ማሳየት ነው።

Share የሚለውን ከመጫን በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው ግብዣው አልፏል ወይ የሚለው ነው። ለድንገቴ ልደት የተሠራን ኬክ ከነስሙ ጠዋት ለጥፎ ማታ ባለልደቱ አይቶት መጣ የሚባለው ቀልድ አይደለም፤ ሥራውን ለማሳየት መጓጓት የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው የደንበኛው ፈቃድ ነው። የሕፃኑ ስም ኬኩ ላይ ካለ ወላጆቹን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የማይፈልጉ ከሆነ ስሙ በማይታይበት በኩል የተነሣ ፎቶ ይጠቀሙ። የሌላ ሰው ኬክ ፎቶ ወስዶ እንደ ራስ ሥራ ማውጣትን በተመለከተ ግን የምጨምረው የለኝም፤ ያንን ኬክ አይቶ የሚያዝዝ ሰው ያንኑ ይጠብቃል።

ከወጣ በኋላ ጽሑፉ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግርዎ የልብ ምልክቱ ብዛት አይደለም። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ይወዳል። የሚመጡትን መልእክቶች ያንብቡ። ዋጋው ተጽፎ ሳለ አሁንም «ስንት ነው?» ከተባሉ ዋጋው ከ more ጀርባ ተደብቋል ማለት ነው፤ ወደ መጀመሪያው መስመር ያውጡት። ሰዎች «ለነገ ይደርሳል?» ካሉ የአራት ቀኑ ነገር በደንብ አልታየም። የመጀመሪያው መልእክት «ቅዳሜ፣ 15 ሰው፣ ስሟ ሶልያና» የሚል ከሆነ ግን ተሳክቷል። ፎቶው አንዴ ከወጣ አይቀየርም፤ ጽሑፉን ግን ከፎቶው በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው Edit በሚለው በኩል በማንኛውም ጊዜ ማረም ይቻላል።

የእንቁላልና የስኳር ዋጋ በጨመረ ቁጥርም ወደዚያው ይመለሱና ቁጥሩን ይለውጡ። የአምናውን 3,000 ብር ስልኩ ላይ እያሳየ የሚከራከርዎ ደንበኛ ትክክል ነው፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት።